ሰኔ 30 እና የአጎቴ ደብተር

ለሱቅ ነጋዴ ሰኔ 30 እንደማንኛውም ምሽት ነው። ዕቃውን ይቆጥራል፣ መዝገቡን ይዘጋል፣ በማግስቱ ያንኑ ዕቃ መሸጡን ይቀጥላል። ለአጎቴ ግን የበጀት ዓመቱ የሚያልቀው ገንዘቡ ከኪሱ ወጥቶ ጤፉ ገና ባልተዘራበት ወቅት ነው። የማዳበሪያ ክፍያ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይወጣል፣ ዘሩ ሐምሌ ላይ ይወርዳል፣ ማሾው ጥቅምት ገደማ፣ ጤፉ ኅዳር ላይ ይሰበሰባል፣ የመስኖው ሽንኩርት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይሸጣል። የግብር ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚያልቅ፣ ለአንድ አዝመራ የወጣው ወጪ በአንዱ ዓመት፣ ያ አዝመራ ያስገባው ገቢ በሌላው ዓመት ይወድቃል።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ የሰው ሂሳብ እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ። አጎቴ ቃሉ ወረዳ ውስጥ፣ ቦርከናን በሞተር እየሳበ ያርሳል። ዛሬ የሱን መዝገብ ዘግቼ ስነሣ፣ በየክረምቱ የምንከራከርበትን ነገር፣ ሰኔ ላይ የሚቀጥለውን ዓመት ማዳበሪያ አስቀድሞ መግዛት ግብር ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም የሚለውን፣ አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ላሰፍረው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ግን ይህ ክርክር የብዙው ገበሬ ጉዳይ አለመሆኑን ልበል። የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 የግል ገበሬን ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን የሰጠው ለክልሎች ነው። ጥማዱን የሚያርስ ተራ ገበሬ በይዞታው ስፋት ተሰልቶ ቀበሌው ላይ ይከፍላል፤ ስንት ኩንታል እንደሸጠ፣ ለማዳበሪያ ስንት እንዳወጣ ማንም ደብተር አያስገልጠውም። አጎቴም ለገዛ ማሳው እንዲሁ ነው የሚከፍለው። ነገር ግን የጎረቤቶቹን መሬት ተከራይቶ፣ የንግድ ፈቃድ አውጥቶ፣ ደረሰኝ ለሚጠይቁ ምግብ ቤቶች ሽንኩርት ማቅረብ ሲጀምር ጉዳዩ ተለወጠ። ደረጃ “ለ” ግብር ከፋይ ተብሎ ተመዘገበ፣ መዝገብ የመያዝ ግዴታም መጣበት።

በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ፣ ቁጥር 979፣ ደረጃ “ሀ” ግብር ከፋይ በአክሩዋል፣ ደረጃ “ለ” ደግሞ በጥሬ ገንዘብ መሠረት ሂሳቡን እንዲይዝ ያዝዝ ነበር። በአክሩዋል ከሆነ ዕቃው ተሰጥቶ ገንዘቡ ገና ባይመጣም ገቢ ነው፤ ተገዝቶ መጋዘን ውስጥ ያለ ማዳበሪያ ደግሞ ገና ወጪ አልሆነም፣ ንብረት ነው። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ገቢ የሚባለው እጅ የገባው፣ ወጪ የሚባለው የተከፈለው ነው። አጎቴ ይህን ሲሰማ በጣም ደስ አለው። “እኔ ድሮም የማውቀው ይህንኑ ነው” አለ። ደስታው ትክክል ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው ሐሳቡ ግን ግማሹ ብቻ ነው ትክክል የነበረው። “እንግዲያው ሰኔ ላይ የሚቀጥለውን ዓመት ሁሉ ገዝቼ ትርፉን ላጥፋው።”

በ2015 የነበረውን ሂሳብ ልውሰድ፤ ለመከተል እንዲቀል ቁጥሮቹን ደፍኛቸዋለሁ። በዓመቱ እጁ የገባው ሽያጭ 700,000 ብር፣ ለዚያው ዓመት ምርት የከፈለው 430,000 ብር ነበር። ልዩነቱ 270,000 ነው። ሰኔ ላይ ለሚቀጥለው ክረምት ማዳበሪያና ናፍጣ 90,000 ብር ከፍሎ ዕቃውን ተረከበ። በ2016 የሽንኩርት ዋጋ ወረደ፤ 520,000 አስገብቶ፣ ያንን 90,000 ሳይጨምር 400,000 አወጣ። ልዩነቱ 120,000 ሆነ።

90,000ውን ሐምሌ ላይ ከፍሎት ቢሆን ኖሮ የ2015 ትርፉ 270,000፣ የ2016 ደግሞ 30,000 ይሆን ነበር። በጊዜው በነበረው ምጣኔ፣ ከ130,800 ብር በላይ ያለው ትርፍ በ35 በመቶ ሲታሰብ፣ የመጀመሪያው ዓመት ግብር 76,500፣ የሁለተኛው 2,790፣ በድምሩ 79,290 ብር ነው። ሰኔ ላይ በመክፈሉ ግን ትርፎቹ 180,000 እና 120,000 ሆኑ፤ ግብሩም 45,000 እና 24,540፣ በድምሩ 69,540 ብር። የሁለቱ ዓመት ጠቅላላ ትርፍ በሁለቱም መንገድ ያው 300,000 ነው። የ9,750 ብሩ ልዩነት የመጣው ትርፉ ወደ መሃል ስለተጠጋ ብቻ ነው። ምጣኔው እንደ ደረጃ እየወጣ የሚሄድ በመሆኑ፣ አንድ ዓመት ጠግቦ በሌላው የሚራብ ሰው በየዓመቱ እኩል ከሚያገኘው ይልቅ ብዙ ይከፍላል። ገበሬን የሚጎዳው ይህ ነው፤ ዝናቡና ገበያው በሠሩት ውጣ ውረድ ላይ ግብሩ ይጨመርበታል። ኪሳራን ወደ ቀጣይ ዓመታት ማሸጋገር ይፈቀዳል፤ ግን ያ የሚያገለግለው ለከሰረ ነው፣ 30,000 አትርፎ ለቀረ ሰው ምንም አይፈይድለትም። (ደረጃዎቹና ምጣኔዎቹ በ2017 በተሻሻለው አዋጅ ስለተነኩ ይህን ሂሳብ ማንም ለዛሬ እንዳይጠቀምበት።)

እዚህ ላይ አጎቴ “አየህ!” አለኝ። እኔ ደግሞ ያላየውን ላሳየው ሞከርኩ። በ2016 ሰኔም እንደገና 90,000 ቢከፍል የዚያ ዓመት ትርፉ ወደ 30,000 ይወርዳል፣ በ2017ም እንዲሁ እያለ ይቀጥላል። አስቀድሞ መክፈሉን ያቆመበት ዓመት ላይ ግን የገፋው ሁሉ ይመጣበታል፤ ያ ዓመት የራሱን ገቢ ይዞ የግብዓት ወጪ ሳይኖረው ይቀራል። ስለዚህ በልማድ በየሰኔው መክፈል ግብሩን ወደፊት ይገፋዋል እንጂ አይቀንሰውም። የሚጠቅመው የጠገበ ዓመት ላይ ብቻ ሲደረግና የከሳው ዓመት ከኋላው ሲመጣ ነው። የሚመጣው ዓመት መክሳቱን ደግሞ ሰኔ ላይ ማን ያውቃል? በ2015 የተሳካው የሽንኩርት ዋጋ ስለወረደ ነው። የአጎቴን ብልሃት ለማድነቅ ያልቸኮልኩት ለዚህ ነው።

ሌላው ጥያቄ ምን ዓይነት ክፍያ ነው ወጪ የሚባለው የሚለው ነው። በዚያው ሰኔ ለሽንኩርት ዘር 20,000 ብር ለአንድ ነጋዴ አስይዞ ነበር። ዘሩ የሚፈለገው ጥቅምት ላይ፣ መደብ ላይ ሲፈላ ነው። ነጋዴው የሰጠው ከደብተር ላይ የተቀደደች ወረቀት ናት፦ “20 ሺህ ተቀብያለሁ” ትላለች፣ ፊርማዋ እንደ እርጎ ትል ተጠማዟል፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የላትም፣ የዘሩ ዓይነትና መጠንም አልተጻፈባትም። አጎቴ ለማዳበሪያው ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ከተሰጠው ደረሰኝ ጋር አንድ ላይ አጥፎ ነው የሰጠኝ። እኔ ለየኋት። ዕቃው እጅ ያልገባ፣ ዋጋው ያልተቆረጠ፣ ሐሳቡን ቢቀይር ተመላሽ የሚሆን ገንዘብ ማስያዣ ነው፤ እንደ ወጪ አልቆጥረውም። 20,000ው በተለየ ገጽ ላይ “ያልተወራረደ” ተብሎ ተቀመጠ፣ ዘሩ መጥቶ ደረሰኝ ሲቆረጥ በ2016 ወጪ ውስጥ ገባ። ከላይ ካለው 400,000 ውስጥ ነው። የሁለት ዓመት የመሬት ኪራይ በአንድ ጊዜ ሲከፍልም የየዓመቱን ድርሻ ለይቼ ነው የምጽፈው፤ የግብር ገምጋሚው እንዲህ ያለውን ክፍያ ሲያይ መጀመሪያ የሚያነሣው ውሉ ስንት ዓመት ይሸፍናል የሚለውን ነው።

ለማዳበሪያውም ቢሆን ደረሰኝ ብቻ አላረካኝም። ሰኔ 30 ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ገብተን ጆንያዎቹን ቆጠርን፤ ኤንፒኤሱን ለብቻ፣ ዩሪያውን ለብቻ፣ የናፍጣ በርሜሉን በእንጨት ለክተን። ዩሪያ እርጥበት ይስባል፤ መሬት ላይ ከተቀመጠ ክረምቱን ሳያጋምስ ድንጋይ ይሆናል። ሁለት ጆንያ እንደዚያ ሆኖ አግኝተን በማስታወሻው ላይ ጻፍነው። ቆጠራው በጥሬ ገንዘብ ለሚይዝ ሰው ግብሩን አይለውጠውም። የሚጠቅመው፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ እንዲህ ያለ ትልቅ ግዥ ሲያዩ “ይህ ማዳበሪያ አለ ወይስ ወረቀት ብቻ ነው?” ብለው ሲጠይቁ የቀን፣ የመጠንና የሁለት ሰው ፊርማ ያለበት ገጽ ማውጣት ስለሚቻል ነው። አጎቴን ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረው። በመዝገቡ 180,000 አትርፎ፣ የመጋዘኑን 90,000 ሲጨምር ዓመቱ በእውነት 270,000 የወለደ መሆኑን አየ። “ታዲያ የቱ ነው እውነተኛው?” አለኝ። ለግብር ጽሕፈት ቤቱ የመጀመሪያው፣ ልጅ ለመዳር ወይም ሁለተኛ ሞተር ለመግዛት ሲያስብ ሁለተኛው አልኩት።

ከሁሉ የከበደን የቀን ሠራተኛ ክፍያ ነው። ሽንኩርት ሲነቀል ከየቀበሌው የሚመጣ ሰው ደረሰኝ የለውም። አጎቴ በደብተሩ “ለነቃይ 6,200” ብሎ ይጽፋል፤ ያ ብቻውን ሲመረመር አይቆምም። አሁን አንድ ቅጠል ወረቀት በየቀኑ ይሞላል፦ ስም፣ ቀበሌ፣ የሠራው፣ የተከፈለው፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። መሬት ላከራዩት ጎረቤቶችም የኪራዩ ውል ቀበሌ ላይ የተመዘገበ ኮፒ ተያይዟል። ከማኅበሩ የተበደረው ገንዘብ ደግሞ ገቢ አምዱ ላይ ተጽፎ አገኘሁት፤ ብድር ገቢ አይደለም፣ ዋናውን ሲመልስም ወጪ አይሆንም፣ ወጪ የሚሆነው ወለዱ ነው። ይህን አንዴ ብነግረው ገባው። የቤት ጤፍን ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለኝም። “ልጆቼ የበሉትን ጤፍ ለማን ነው የማስመዘግበው?” ይላል። በጥሬ ገንዘብ ስሌት አልተሸጠምና ገቢ አይሆንም፤ ለቤት የዋለው እህል የበላው ማዳበሪያና ጉልበት ግን ከንግዱ ወጪ መውጣት አለበት ስለው ፊቱን ያዞራል።

ዘንድሮም ሰኔ ላይ ያንኑ ግዥ ሊደግም ፈልጎ ነበር። ጥሬ ገንዘብ አልነበረውም፤ ሊከፍል ያሰበው ጎተራ ያለውን ጤፍ ሸጦ ነው። ማዳበሪያውን ሐምሌ ላይ መግዛት የሚችልን ሰው ጤፉን ሰኔ ላይ እንዲሸጥ ማስቸኮል አልወደድኩም። የጤፍ ዋጋ ከፍ የሚለው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ በኩንታል የሚያጣው ከግብሩ ከሚተርፈው ይበልጣል። ቁጭ ብለን በኩንታል አሰላነው።

“አያ፣ ዘንድሮ ይቅር” አልኩት።

“አብሽር፣ ልጄ፤ ጤፉ ይቆይ” አለኝ፤ የግማሹን ማዳበሪያ ብቻ ከማኅበሩ ወስዶ ደረሰኙን ላከልኝ። በ2015 ገጽ አጠገብ አያይዤዋለሁ፤ ነሐሴ ሳያልቅ መዝገቡን አስገብቼ መጨረስ አለብኝ።