የረመዳንን ሠላሳ ጽሑፎች ከኋላ ወደ ፊት አቀድኩ

ለሰፈራችን ጀመዓ በረመዳን በየቀኑ አጭር ማስታወሻ ልጽፍ ስዘጋጅ፣ ያማከርኩት ሁሉ ያለኝ አንድ ነው፦ «በቀን አንድ ጁዝ!» ቁርኣኑ ሠላሳ ጁዝ፣ ወሩ ሠላሳ ቀን። ሲያዩት ልክክ ይላል። ግን ሱረቱል ቀድር ያለችው ሠላሳኛው ጁዝ ውስጥ ነው። በዚህ ከሄድን ስለ ለይለቱል ቀድር የምናወራው የምትጠበቅባቸው ጎዶሎ ሌሊቶች ካለፉ በኋላ ነው። ወሩ በ29 ካለቀማ ጭራሽ አናወራም።

ስለዚህ ባዶ ሰንጠረዥ ወስጄ ቀን የማይለቁትን ብቻ አስቀመጥኩ። የፆም አንቀጾች (በቀራህ ከ183 ጀምሮ) በመጀመሪያው ቀን። በድር በ17ኛው፣ ዘመቻው በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ የተካሄደው በዚያ ቀን ስለሆነ። የመጨረሻዎቹ አስር ቀናት ግን ማሰብ ይፈልጋሉ። የእኛ ቀን ከመግሪብ ይጀምራል፤ ሃያ አንደኛዋ ሌሊት የምትገባው ሃያኛውን ፆም ስናፈጥር ነው። ኢዕቲካፍ የሚገባ ሰው ደግሞ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ የኢዕቲካፍን ጽሑፍ 15ኛው ቀን ላይ አደረግኩት።

ዘካተል ፊጥርም እንደዚሁ። ከዒድ ሰላት በፊት መውጣት አለበት፤ መጠኑ በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ እህል ነው፤ በኪሎ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ይገመታል። የልጆቹም ጭምር ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት እስከ 15 ኪሎ ማለት ነው። ይህን በ29ኛው ቀን ምሽት መንገር ሰውን ማስደንገጥ ነው። 24 ላይ ገባ።

የቀሩት ቀናት ተንቀሳቃሽ ናቸው፦ ምላስ፣ ሱሁር፣ ጎረቤት፣ ዱዓ። አንዱ ካልተመቸ በሌላው ይተካል።

ወሩን «ራሕመት፣ ምሕረት፣ ከእሳት ነጻ መውጣት» ብሎ በሦስት መክፈል ለአቃጅ በጣም ያጓጓል። ግን ብዙ የሐዲስ ሊቃውንት ያንን ዘገባ ደካማ ብለውታል፤ የሰፈራችን ኡስታዝም «ተወው» አሉኝ። ሐዲስ ያለበትን ጽሑፍ ሁሉ ከመላኬ በፊት እሳቸው ያዩታል። ለዚህም ነው አብዛኛውን በሸዕባን የጨረስኩት። ተራዊህ አምሽቶ፣ ለሱሁር ተነስቶ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ መጻፍ የዋዛ አይደለም።

የምልከው ከዐስር በኋላ ነው። ያን ሰዓት እናቶች ሳምቡሳ እየጠበሱ ነው፤ ስለዚህ ልጅ ጮክ ብሎ በአንድ ትንፋሽ የሚያነብላቸው ርዝመት ይበቃል። ከዚያ የረዘመውን ለሁለት እቆርጠዋለሁ።

ስንብቱን 29ኛው ላይ አስቀመጥኩት፣ ጨረቃ ትታይ አትታይ አይታወቅምና። ሠላሳኛውን ለሁለቱም እንዲሆን አድርጌ ጻፍኩ፦ ተክቢራውን፣ ወደ ዒድ ሰላት ከመውጣት በፊት ጎዶሎ ቁጥር ተምር መብላቱን፣ የሸዋልን ስድስት ቀን ፆም። ጨረቃ ካልታየች በፆሙ ቀን ይላካል፤ ከታየች በዒዱ ዋዜማ ከመግሪብ በኋላ።