ሲሚንቶው የኔ፣ ደረሰኙ የሌላ ሰው

ሸዋ ሮቢት ላይ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ ምስማር እሸጣለሁ። ዓመታዊ ሽያጬ 2 ሚሊዮን ብር ሲያልፍ ቫት ተመዘገብኩ፤ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ያስቀመጠው መነሻ ይኸው ነው። ምዝገባው ቀላል ነው። ፎርም ይሞላል፣ ካሽ ማሽን ይገዛል፣ አለቀ። አስቸጋሪው ወር ሲሞላ ስንት እንደሚከፈል ማስላት ነው። እሱም ቢሆን ከባዱ ሒሳቡ አይደለም። ከባዱ ወረቀቱ ነው፤ ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሒሳቡ ይሄ ነው። ስሸጥ ከደንበኛዬ ላይ 15 በመቶ ቫት እሰበስባለሁ። ስገዛ ደግሞ እኔ ራሴ ለሻጩ 15 በመቶ እከፍላለሁ። ከሰበሰብኩት ላይ የከፈልኩትን ቀንሼ ልዩነቱን ለገቢዎች አስገባለሁ። ቫት ከትርፍ ጋር አይገናኝም። በወሩ የገዛሁት ቆርቆሮ ገና መጋዘን ቢሆንም ቫቱ በዚያው ወር ይቀነሳል። ገበያ ውስጥ ብዙ ሰው «ዕቃው ሳይሸጥ እንዴት ይቀነሳል?» ይላል። ይቀነሳል።

የሽያጩን ጎን ማሽኑ ይሠራልኛል። ማታ ማታ የሚወጣው ዜድ ሪፖርት ላይ TXBL1 የሚለው ከቫት በፊት ያለው ሽያጭ ነው፤ TAX1 15.00% የሚለው ደግሞ ቫቱ ነው። የየቀኑን ዜድ ደብተር ላይ ለጥፌ በወሩ መጨረሻ እደምራለሁ። መጠንቀቅ ያለብን ዋጋ ስንናገር ነው። ደንበኛ ተከራክሮ «በቃ በ1,150 ስጠኝ» ካለና እሺ ካልኩ፣ ቫቱ እዚያው ውስጥ አለ። 1,150ን ለ1.15 አካፍላለሁ፤ 1,000 ይመጣል፤ ቫቱ 150 ነው። 1,150ን በ15 በመቶ የሚያባዛ ሰው 172.50 ያገኛል፤ የማይገባውን 22.50 ከኪሱ ያወጣል ማለት ነው። ጎረቤቴ ለወራት እንዲህ ሲያሰላ ኖሯል።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

የጥቅምት ሽያጬ ከቫት በፊት 412,000 ብር ነበር። የሰበሰብኩት ቫት 61,800 ብር። ግዢዬ አራት ነበር። ከመርካቶ ቆርቆሮ በ230,000 ብር፣ ቫቱ 34,500። ቀለም በ36,000 ብር፣ ቫቱ 5,400። ከደብረ ብርሃን በአይሱዙ የመጣ ሲሚንቶ በ84,000 ብር፣ ቫቱ 12,600። አራተኛው እዚሁ ከተማ ካለ ትንሽ ነጋዴ የገዛሁት ምስማርና ሽቦ ነው፤ 23,000 ብር ከፍያለሁ። ሰውዬው ቫት አልተመዘገበም፤ ደረሰኙ ላይም የቫት መስመር የለም። አንዳንዱ 23,000ን ለ1.15 አካፍሎ «3,000 ብር ቫት አለው» ብሎ ያስገባል። የለውም። ያልተከፈለ ቫት አይቀነስም።

ስለዚህ የሚቀነስልኝ 34,500፣ 5,400 እና 12,600፣ በድምሩ 52,500 ብር ነው። ከ61,800 ላይ ሲነሳ የምከፍለው 9,300 ብር። ገንዘቡን አዘጋጅቼ ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ የነበረው ልጅ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲያስገባ ቆየና የሲሚንቶውን ለብቻ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም? ስሜ እኮ አለበት።»

«ስሙ የእርስዎ ነው። ቲኑ የሌላ ሰው ነው።»

አየሁት። ቲን አሥር አሃዝ ነው፤ የደብረ ብርሃኑ ካሸር መጨረሻ አካባቢ ያሉትን ሁለት አሃዞች አቀያይራ መትታዋለች። በእጅ በተጻፈው አታችመንት ላይ ስሜም ቲኔም ትክክል ነው። ከማሽኑ የወጣው ደረሰኝ ላይ ግን Buyer's TIN ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር የማላውቀው ሰው ነው። አታችመንቱን አሳየሁት። እሱም ከታች በትንሽ ፊደል የተጻፈውን በጣቱ ጠቆመኝ፤ የማሽን ደረሰኝ ካልተያያዘ ዋጋ የለውም ይላል። የማሽኑ ደረሰኝ ተያይዟል፤ ግን ለሌላ ሰው ነው የተቆረጠው።

ከልጁ ጋር ብዙ ተከራከርኩ። ሲሚንቶው መጥቷል፣ ገንዘቡ በባንክ ተልኳል፣ ሻጩ ቫቱን ለመንግሥት ያስገባል። ታዲያ መንግሥት ምን ይጎድልበታል? ልጁ አልተቆጣም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። «ልክ ነዎት ጋሼ፣ ግን ሲስተሙ አይቀበለውም» ብቻ ነው የሚለው። አለቃው ጋ ገባሁ። እሱም «ያለ ደረሰኝ አይግዙ ብለን እኮ አስተምረናል» አለኝ። ደረሰኝ ይዤ ፊቱ ቆሜ!

ያለ ሲሚንቶው የሚቀነስልኝ 39,900 ብር ብቻ ሆነ። የምከፍለው ከ9,300 ወደ 21,900 ብር ዘለለ። ለአንድ የሸዋ ሮቢት ሱቅ 12,600 ብር ቀልድ አይደለም።

ደብረ ብርሃን ወጣሁ። የጣርማ በርን ዳገት ቆላ ለባሽ ሆኖ የወጣ ሰው ብርዱን ያውቀዋል፤ እኔ ግን ንዴቴ አሙቆኛል። ሻጩ ሻይ አዘዘልኝ፤ ቁጥሩን አየና ሳቀ። «ወንድሜ፣ ሁለት ቁጥር ነው እኮ! በእስክሪብቶ አስተካክዬ ማኅተም ልምታልህ?» አለኝ። ይህን በፍጹም እንዳትቀበሉ። የተደለዘ የማሽን ደረሰኝ ከተሳሳተው የባሰ ነው፤ ማሽኑ የመዘገበው ያው የድሮው ቁጥር ስለሆነ በእስክሪብቶ የተጻፈው ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም፤ ጣጣው ደግሞ ደረሰኙን ላቀረበው ነው።

ትክክለኛው መንገድ አንድ ነው። ሻጩ በመጀመሪያው ደረሰኝ ላይ ሪፈንድ መትቶ ሽያጩን ይሰርዛል፤ ከዚያ በትክክለኛው ቲን አዲስ ደረሰኝ ይቆርጣል። እሱ ግን አልፈለገም። «ወሩ ተዘግቷል፣ ሪፈንድ ስንመታ ለምን መታችሁ እያሉ ይጠይቁናል» አለኝ። ፍርሃቱ ገባኝ፤ ግን የሱን ካሸር ስሕተት በ12,600 ብር የምገዛበት ምክንያት አልታየኝም። የቀጣዩን ወር ሲሚንቶ ከሌላ እንደማመጣ ስነግረው ነው ሐሳቡን የቀየረው። ሪፈንዱን መታ፣ አዲሱን ቆረጠ። እዚያው ባንኮኒው ላይ ቆሜ አሥሩንም አሃዝ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ካሸሯ «ጋሼ፣ ፈተና ነው እንዴ?» አለችኝ። አዎ፣ ፈተና ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። አዲሱ ደረሰኝ ቀኑ የኅዳር ነው። ወደ ጥቅምት መልሼ ማስገባት አልችልም፤ የሚቀነሰው ደረሰኙ በወጣበት ወር ነው። ስለዚህ የጥቅምትን 21,900 ብር ከፈልኩ። 12,600ው አልጠፋም፤ ግን አንድ ወር ሙሉ ታሰረብኝ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን ልንገራችሁ። ገቢዎች «ደረሰኝ ጠይቁ» ይላል። እኔ ይህ አይበቃም ባይ ነኝ። ደረሰኙን ተቀብሎ ኪስ መክተት ከንቱ ነው። ዕቃው ሳይጫን የማሽኑ ደረሰኝ ላይ ቲኔን አነባለሁ፤ ቀጥሎ ቀኑን፣ FS No. የሚለውን ቁጥር፣ የማሽኑን ቁጥርና TAX1 ላይ ያለውን ብር አያለሁ። TXBL1ን በ0.15 አባዝቼ TAX1 ካልመጣ አልጭንም። ሾፌሩ ይነጫነጫል፤ ይነጫነጭ። ዕቃውን ሰው ልኬ ካስመጣሁ ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ አደርጋለሁ፤ እኔ እሺ ሳልል አይሱዙው አይነሳም።

ሌላም የምቃወመው ምክር አለ። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ «የሚያጠራጥረውንም ደረሰኝ አስገባ፣ ኦዲት ሲመጣ ያወጡታል» ብሎኝ ነበር። ኦዲት ሲያወጣው ግን ቫቱን ብቻ አይደለም የሚያስከፍለው፤ ወለድና ቅጣት ይዞ ይመጣል። የሚያጠራጥረኝን ከሒሳቤ አወጣዋለሁ፤ ሻጩ ካስተካከለው በተስተካከለበት ወር አስገባዋለሁ። ለእንግዳ የጋበዝኩበትን የምግብ ቤት ደረሰኝም ቲኔ ቢኖርበት እንኳ አላስገባም፤ የመስተንግዶ ቫት አይቀነስም።

የቆላ ሰዎች ደግሞ ይህን ስሙኝ። የማሽን ወረቀት ሙቀት ይፈራል፤ የሚታተመውም በሙቀት ነው። በኛ ፀሐይ በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ደረሰኝ ክረምት ሳይመጣ ነጭ ወረቀት ይሆናል። የማይነበብ ደረሰኝ ይዞ «ነበረበት» ማለት አያዋጣም። በገባበት ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ዋናውን ከኮፒው ጋር አያይዛለሁ። ፕላስቲክ ውስጥ አልከተውም፤ ማጣበቂያም ጽሑፉ ላይ አላደርግም፤ ሁለቱም ቶሎ ያስለቅቁታል።

ኅዳር ላይ 320,000 ብር ሸጥኩ፤ የሰበሰብኩት ቫት 48,000 ነው። የወሩ ግዢ ቫት 39,000፣ ከደብረ ብርሃኑ ጋር 51,600 ሆነ። 3,600 ብር ከበላይ ተረፈኝ። መስኮቱ ላይ ያው ልጅ ነበር። ገንዘቡ በእጅ አይመለስም፣ ለታኅሣሥ ይዞራል አለኝ። የደረሰኞቹን ቲን እሱ ከማየቱ በፊት በቀይ አስምሬ ነበር የሰጠሁት።

«ጋሼ፣ ይሄን እንኳ ባያሰምሩት» አለኝ።

«አንተ ነህ ያስለመድከኝ» አልኩት።