ለስፌት መኪና ብድር ስጠይቅ ሦስት ጊዜ ያመላለሰችኝ አንድ ገጽ

ንግድ ፈቃድ፣ ቲን፣ የዋስ ደብዳቤ፣ የመኪናው ፕሮፎርማ፤ ይሄ ሁሉ በሁለት ሳምንት አለቀ። ያሰቃየችኝ ከማመልከቻው ጋር የምትያያዘው የቢዝነስ ፕላን ማጠቃለያ ናት። አንድ ገጽ!

ግማሹ ጥፋት የኔ ነው። መርካቶ ያለ አንድ ፎቶኮፒ ቤት "የተዘጋጀ አለኝ፣ ስምሽን ብቻ እንቀይር" አለኝና 150 ብር ከፈልኩ። ገቢው ላይ እንዲህ ይላል፦ በቀን 20 ልብስ፣ በወር 30 ቀን፣ አንዱ በ300 ብር። በወር 180,000 ብር ማለት ነው። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ቶሎ የሚሰጡኝ መስሎኝ ደስ አለኝ፣ ሞኝ።

ባንክ ስሄድ ወረቀት የሚቀበለው ልጅ አገላብጦ አየና "ይስተካከል" ብሎ መለሰልኝ። ምኑ? አይናገርም። ቤት ሄጄ ሽፋን ጨምሬ አመጣሁ። በሳምንቱም "ይስተካከል"። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል፣ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት? በሦስተኛው አጠገቡ ያለች ሴትዮ ወረቀቱን ተቀበለችውና "እህቴ፣ በወር 180 ሺህ የምታገኝ ሰው 40 ሺህ ብር ምን ያደርግላታል?" አለችኝ። አፈርኩ።

ያን ማታ ደብተሬን አወጣሁ። በኪራይ መኪና ስሠራ እያንዳንዱን ልብስ እጽፍ ስለነበር ተረፍኩ። አንድ የተማሪ ዩኒፎርም ከመቁረጥ እስከ መተኮስ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ደንበኛ ልኬት ሲሰጥና መብራት ሲጠፋ የሚባክነው ሲቀነስ በቀን ሦስት ከሰፋሁ ጥሩ ነው። ከ300 ብሩ ለክር፣ ለዚፕ፣ ለቁልፍና ለጎረቤት ኦቨርሎክ 60 ይወጣል። እጄ ላይ የሚቀረው 240 ነው።

ወሩ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ጅማ ላይ ቡና ሲለቀም ብር አለ፣ ለትምህርት ቤት መክፈቻና ለአረፋም ሰው ይሰፋል። ሰኔ ላይ ግን ዝናብ ነው፣ የሰውም ኪስ ባዶ ነው። ደብተሬ ላይ ዝቅተኛው ወር 35 ልብስ ነበር፤ 8,400 ብር። የቤት ኪራይ 3,000፣ የብድሩ ወርሃዊ ክፍያ 2,550፣ ለኔ 2,850 ይተርፋል።

ፎርሙ የዓመት አማካይ ነው የሚጠይቀው። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ይሄንን ክፉ ወር ነው፣ አማካዩን ከታች። "የገበያ ጥናት" የሚለው ሥር የደብተሬን የሦስት ወር ገጾች ኮፒ አያያዝኩ። ሞተር ያለው ይቅርብኝ፣ መብራት ሲጠፋ በእግሬ የምረግጠው ይሥራልኝ ብዬም አንድ መስመር ጨመርኩ። ሴትዮዋ አንብባ ፈረመች፣ በአሥረኛው ቀን ብሩ ተለቀቀ።

ዘንድሮ በሰኔ ወር 31 ልብስ ብቻ ሰፋሁ። የባንኩን በቀኑ ከፈልኩ፣ ለአስቤዛ ግን ከእናቴ 500 ብር ተበደርኩ። እሷ ወለድ አትጠይቅም፣ ወሬዋ ግን አያልቅም።