የከፈልነው ቢል ውዝፍ ሆኖ ሲመጣ፦ መጀመሪያ ሳንቲሙን አስተያዩ

ፉሪ አካባቢ ከሰው በተገዛ ቤት የምትኖሩና የመብራት ቆጣሪያችሁ እስካሁን በሻጩ ስም ያለ ሰዎች ይህን ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። ቢሌን ከፍዬ፣ የክፍያ ማረጋገጫውን በስልኬ ይዤ፣ በሚቀጥለው ወር ውዝፍ አለብህ ተባልኩ። ጉዳዩ እስኪያልቅ አንድ ወር ከአንድ ሳምንት ፈጀብኝ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን አድርጌ አይቼ ቢሆን ኖሮ በአንድ ምሽት ያልቅ ነበር። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የከፈልኩት በስልክ ነው፣ ጥር 5 ቀን 2017። ከሒሳቤ ብር ተቆረጠ፣ ተከፍሏል የሚል መልእክትም መጣ። የካቲት 3 የደረሰኝ አዲስ ቢል የወሩን 815.40 ብር ካለፈው ወር 742.18 ብር ውዝፍ ጋር ደምሮ 1,557.58 ብር ይላል።

እዚህ ላይ ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነው። ማረጋገጫውን አሳትመን ወደ አገልግሎት መስጫ ማዕከሉ እንሄዳለን። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ማረጋገጫው ላይ ያለውን የብር መጠንና ውዝፍ የተባለውን መጠን እስከ ሳንቲሙ አስተያዩ። የድኅረ ክፍያ ቢል በስልክ ሲከፈል መጠኑን የምንጽፈው እኛ አይደለንም፤ የኮንትራት ቁጥሩን ስናስገባ ያለበትን ዕዳ ከድርጅቱ መዝገብ አምጥቶ ያሳየናል። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች እስከ ሳንቲም አንድ ከሆኑ የከፈላችሁት የራሳችሁን ቢል ነው፤ ብሩ በባንኩና በድርጅቱ መካከል ቀርቷል ማለት ነው። ከተለያዩ ግን ሌላ ነገር ጠርጥሩ። ምናልባት የሌላ ሰው ቢል ከፍላችኋል።

የእኔ ማረጋገጫ 768.90 ብር ይላል። ውዝፉ 742.18 ነው። የሃያ ስድስት ብር ከሰባ ሁለት ሳንቲም ልዩነት ዓይኔ ሥር ነበር፤ አላየሁትም። «ሰባት መቶ ምናምን» ብዬ አልፌዋለሁ።

ምክንያቱን ላስረዳ፣ በእኛ ሰፈር ብዙ ቤት የሚገጥመው ነውና። ሻጩ በአንድ ይዞታ ላይ ሁለት ቤት ሠርቶ፣ ሁለት ቆጣሪ በአንድ ጊዜ አስገብቶ፣ ቤቶቹን ለሁለት ሰው ሸጧል። የኮንትራት ቁጥሮቹ የሚለያዩት በመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ነው፤ የእኔ በ6 ያልቃል፣ ከጀርባ ያለው ቤት በ8። ስም ዝውውር ስላልተደረገ ሁለቱም በሻጩ ስም ናቸው። ከወራት በፊት ከጀርባ ያለው ተከራይ ኔትወርክ እምቢ ብሎት የእሱን ቢል በእኔ ስልክ ከፍለን ነበር፤ ቁጥሩ እዚያው ተቀምጦ ቀረ። ጥር 5 ቀን ከተቀመጡት ሁለት ቁጥሮች የእሱን ነካሁ። ከመክፈሌ በፊት ስልኩ የደንበኛውን ስም አሳየኝ፤ የማውቀው የሻጩ ስም ነው፣ አጸደቅሁ። «ከመክፈልዎ በፊት ስሙን ያረጋግጡ» የሚባለው ምክር በእኛ ዓይነት ግቢ አይሠራም። ማረጋገጥ ያለባችሁ የኮንትራት ቁጥሩን የመጨረሻ አራት አኃዝና የብሩን መጠን ነው።

ከዚህ በኋላ ያጠፋሁት ነው ረጅሙ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቁጥሬን አስገብታ «ክፍያ አልገባም፤ ለጊዜው ውዝፉን ክፈል፣ ያኛው በኋላ ይስተካከላል» አለችኝ። ማረጋገጫውን ወደ እሷ ገፋሁላት። አላየችውም። እዚያው ላይ የኮንትራት ቁጥሩ ተጽፏል፤ ያን ቁጥር አንድ ጊዜ ብታስገባው ብሩ የት እንደገባ በዚያው ደቂቃ ይታይ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ግን ቁጥሩን እኔም አላነበብኩትም፤ ወረቀቱ የነበረው በእኔ እጅ ነው። «የከፈልኩትን ሁለተኛ አልከፍልም» ብዬ ወጣሁ፣ ልክ ነኝ ብዬም አመንኩ።

ቀጥሎ ወደ ባንክ ሄድኩ። የንግድ ባንክ የግብይት ቁጥር FT ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የሚቀጥሉት ሁለት አኃዞች የፈረንጆች ዓመት፣ የሚከተሉት ሦስቱ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የተቆጠረው ቀን ናቸው። የእኔ `FT25013` ብሎ ይጀምራል፤ የ2025 ዓመት 13ኛ ቀን፣ ማለትም ጃንዋሪ 13፣ በእኛ ጥር 5። ቢሉ በእኛ አቆጣጠር፣ ባንኩ በፈረንጅ ስለሚጽፉ «ይህ ክፍያ የሌላ ወር ነው» ሲሏችሁ ይህን ቆጥራችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። ባንኩ ስቴትመንት አውጥቶ ብሩ መውጣቱንና ተመላሽ አለመደረጉን አሳየኝ። ባንኩ ጋ ችግር የለም ማለት ነው። ወደ ማዕከሉ ተመለስኩ።

በዚህ ጊዜ ሌላ ሠራተኛ ቁጥሩን አየና «ይኸ ወደ ሌላ ኮንትራት ነው የገባው» አለኝ። ይዛወርልኝ ስል ማመልከቻ ጻፍ ተባልኩ፤ ማመልከቻውን የሚያቀርበው ግን ባለ ኮንትራቱ ራሱ ወይም ውክልና ያለው ሰው ነው ተባለ። ሻጩ የሚኖረው ሐዋሳ ነው። እኔ ያለኝ የሽያጭ ውል ነው፤ እሱን አልተቀበሉኝም። ሻጩ እዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ውክልና ሰጠኝ፣ በሰው ላከልኝ። ወረቀቱ «ቤቱን በሚመለከት» ይላል እንጂ መብራትን አይጠቅስም። ተመለሰብኝ። ሁለተኛው ውክልና የመብራት አገልግሎት ኮንትራትን፣ የክፍያ ማስተካከያ መጠየቅን እና ስም ማዛወርን በየስማቸው ጠቅሶ ሲመጣ ተቀበሉት። ውክልና የምታስጽፉ ሰዎች እነዚህን ሦስቱን በግልጽ አስጽፉ፤ ጠቅላላ ቃል መስኮት ላይ አያልፍም።

ማመልከቻው ገብቶ ስከታተል ኃላፊው አንድ ነገር ነገረኝ፣ ከሁሉ የጠቀመኝም እሱ ነው። «768.90 ብሩ እኮ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ያኛው ቤት የተጠቀመበትን ዕዳ ዘግቷል። ወደ አንተ ካዛወርነው እሱ ባለ ውዝፍ ይሆናል።» ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ብሩ አልጠፋም፤ እኔ የጎረቤቴን ቢል ከፍዬለታለሁ። ከእኔ የሚፈለገው 742.18 ብር ደግሞ መቼም ያልተከፈለ እውነተኛ ዕዳ ነበር። የመጀመሪያዋ ሠራተኛ «ክፈል» ያለችው፣ ምክንያቱን ሳታየውም ቢሆን፣ በእኔ ጉዳይ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ያን ምሽት ማረጋገጫውን ይዤ ከጀርባ ያለውን ቤት አንኳኳሁ። ተከራዩ «የዚያን ወር ልከፍል ስገባ ዕዳ የለም አለኝ፤ አከራዬ የከፈለልኝ መስሎኝ ነበር» አለ። የእሱን ኮንትራት ቁጥርና 768.90ን አይቶ ወዲያው ብሩን ላከልኝ። በማግሥቱ፣ መጋቢት 10፣ ውዝፌን ከነአዲሱ ቢል ከፍዬ ጨረስኩ። የማዛወር ማመልከቻውንም በጽሑፍ አነሳሁ። ይህን አትርሱ፤ ብሩን በእጅ ተቀብላችሁ ማመልከቻው ከቀጠለ ጎረቤታችሁ ላይ ውዝፍ ታመጣላችሁ።

ስለዚህ ማዕከሉ ከሚለው የተለየ ምክር አለኝ። ብሩ ወደምታውቁት ሰው ኮንትራት ከገባ ማመልከቻ አታስገቡ፤ ሰውየውን አግኙት። እሱም የራሱን ደግሞ ከፍሎ ከሆነ ትርፉ በኮንትራቱ ላይ ይቀመጥና ከሚቀጥለው ቢሉ ይቀነስለታል። ቢሉን አብራችሁ እዩና የተቀነሰለትን ይስጣችሁ። የማመልከቻው መንገድ የሚያስፈልገው ቁጥሩ የማታውቁት ሰው ሲሆን ነው። የውዝፉን ክፍያ ግን በየትኛውም መንገድ አታዘግዩ። እኔ በእልህ ስጠብቅ ሁለተኛ ወር ተደርቦብኝ ነበር፤ ሊቆርጡ የሚመጡት ሰዎች ደግሞ የያዙት ዝርዝር ነው፣ የእኔና የጎረቤቴን ታሪክ አያውቁም።

ሳንቲሙ አንድ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ይገለበጣል። ያን ጊዜ «ለጊዜው ክፈል» ቢሏችሁ አትክፈሉ። መጀመሪያ ባንክ ሂዱና በግብይት ቁጥሩ ብሩ ተላልፎ እንደሆነ ወይስ ወደ ሒሳባችሁ እንደተመለሰ ጠይቁ። አንዳንዴ ክፍያው ይከሽፍና ብሩ ሳናውቅ ተመልሶ ይገኛል፤ ስቴትመንቱ ላይ ያንኑ መጠን በገቢ በኩል ፈልጉ። ካልተመለሰ ባንኩ ማኅተም ያደረገበትን ስቴትመንት ከማመልከቻ ጋር አስገቡ። ማመልከቻው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የኮንትራት ቁጥር፣ የቆጣሪ ቁጥር፣ ወሩ፣ መጠኑ፣ የግብይት ቁጥሩ፣ የተከፈለበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ሲቀበል በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፎ ማኅተም ያድርግላችሁ። በቃል «እናየዋለን» ተብላችሁ አትውጡ። ቆራጭ ከመጣ የምታሳዩት ያን ማኅተም ያለበትን ቅጂ ነው፤ የስልክ መልእክት ማንም ቆሞ አያነብላችሁም።

ሁለተኛው ውክልና ስም ማዛወርንም ስለሚጠቅስ በዚያው ቆጣሪውን በስሜ ለማዞር አመልክቻለሁ። ከስልኬ ላይ የጎረቤቴን ቁጥር አጥፍቻለሁ። የራሴን ኮንትራት ቁጥር ቆጣሪው ሳጥን በር ውስጠኛው ገጽ ላይ በማርከር ጽፌዋለሁ፣ የመጨረሻዋን 6 አክብቤ።