የካምቢዮውን ትውስታ ሳላነብ አስጠፋሁት

ያገለገለች፣ ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ መኪና ገዛሁ። ጠዋት ጠዋት ከ2ኛ ወደ 3ኛ ስትቀይር ሞተሩ አንድ አፍታ ይጮህና ማርሹ ዱብ ብሎ ይገባል። «የድሮ ባለቤቷን አነዳድ ለምዳ ነው፤ ሪሴት ይደረግላት» ተባልኩ። ነገሩ የሚያሳምን ስለመሰለኝ ጋራዥ ወስጄ የካምቢዮው ኮምፒውተር የያዘውን ትውስታ አስጠፋሁት። ሁለት ቀን ሁሉም ማርሽ ይደናቀፍ ጀመር፤ ከዚያ የ3ኛው ዱብታ ተመልሶ መጣ።

ነገሩን ያስረዱኝ በካምቢዮ ሥራ ያረጁ ሌላ መካኒክ ናቸው። «ልጄ፣ የሰውየው አመልማ ገና ድሮ ተረስቷል» አሉኝ። ኮምፒውተሩ ነዳጅ ምን ያህል በፍጥነት እንደምትረግጥ አይቶ ማርሽ የሚቀይርበትን ጊዜ ያስተካክላል፤ ይህ ግን አሁን መሪ የያዘውን ሰው ይከተላል እንጂ ለዓመታት አይቀመጥም። ረጅም ዕድሜ ያለው ትምህርት ሌላ ነው። በካምቢዮው ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ዲስኮች ሲሳሱ ክፍተታቸው ይሰፋል። ኮምፒውተሩም እያንዳንዱ ፍሪሲዮን እስኪይዝ ምን ያህል የዘይት ግፊት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ ይመዘግባል። በብዙ መኪኖች ባትሪ መንቀል እንኳ ይህን መዝገብ አያጠፋውም።

እኔ ያስጠፋሁት የትኛው ፍሪሲዮን እንደተቸገረ የሚናገረውን ቁጥር ነበር። ሳምንት ነድቼ ኮምፒውተሩ እንደገና ከተማረ በኋላ በማሽን አነበቡት፤ 3ኛን የሚይዘው ፍሪሲዮን ቁጥር ከሌሎቹ በጣም ርቋል። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ዘይቱ ለእሷ የተወሰነው ሙቀት ላይ ሲደርስ መጠኑን ለኩ። ከግማሽ ሊትር በላይ ጎድሏል። በግራ ጎማ በኩል፣ አክሱ የሚገባበት ጎሚኒ ያፈስ ነበር።

ጎሚኒው ተቀየረ፣ ዘይቱ ተሞላ። አሁን ሪሴት ትክክል ነው፤ ኮምፒውተሩ የተማረው በጎደለ ዘይት ነበርና። ዘይቱን ለፍሪሲዮኖቹ የሚያከፋፍለው የቫልቭ ቦዲ ወይም ፍሪሲዮን ሲቀየርም እንዲሁ ነው። ዘይቱ ተቃጥሎ የሚሸት ከሆነ ግን ሪሴት ምንም አያድንም። እሑድ ማለዳ ካምቢዮው ከሞቀ በኋላ ቀለበት መንገድ ላይ ነዳጁን በስሱ እየረገጥኩ እስከ 6ኛ ወጣሁ፤ ከዚያ ፍሬን በጣም ሳልይዝ እየተንሸራተተች እንድትቆም ተውኳት። አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምኩት። ዱብታው ጠፋ።

መሪው ላይ ያሉትን የማርሽ መቀየሪያ ፓድሎች በፊት ካምቢዮውን «ለማስተማር» እነካካቸው ነበር፤ ከንቱ ድካም ነው። ቦታቸውን ያገኘሁት ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ሲወረድ ነው፤ ቁልቁለቱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነው። D ላይ ሆኜ ማርሽ የሚቀንሰውን የግራውን ፓድል ስጫን ኮምፒውተሩ ጥቂት ቆይቶ ማርሹን መልሶ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ራሴ ወደምመርጥበት M አስገብቼ በግራው ፓድል 3ኛ ላይ አደርጋታለሁ። ሞተሩ ከፍ አድርጎ ይጮኻል፤ አያስፈራም፣ እየያዛት ነው። ጠባብ ኩርባ ላይ በፍሬን ፍጥነት ቀንሼ 2ኛ እጠይቃለሁ፤ ሞተሩ ከልክ በላይ የሚዞር ከሆነ እምቢ ትላለች። ድልድዩ ጋ ወርጄ ጎማዎቹን ጠጋ ብዬ አሸተትኩ፤ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ የለም።