መግሰል ወይስ መግሰላ? አንዲት ተማሪዬ ያረመችኝ የዓረብኛ መልመጃ

አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ ለአዋቂዎች ዓረብኛ አስተምራለሁ። ክፍሉ ውስጥ ነጋዴ አለ፣ ቁርኣን እያነበበ ትርጉሙን መረዳት የሚፈልግ አለ፣ ከዓረብ አገር ተመልሶ በአፉ የሚያውቀውን በጽሑፍ ለማወቅ የመጣም አለ። ይሄ ገጠመኝ የደረሰው ከነዚህ ከመጨረሻዎቹ ከአንዷ ጋር ነው። ጅዳ ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የመጣች እህት ነች።

የዚያን ሳምንት ትምህርት ሥርና ቅርጽ ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ይሄን ቶሎ ይይዘዋል። እኛም ሰበረ ብለን ሰባሪ፣ ስብር፣ መስበሪያ እንላለን፤ ሦስቱ ፊደላት ሳይለቁ አናባቢውና ጭማሪው ብቻ ይለዋወጣል። ዓረቦቹ ለዚህ ናሙና የሚሆን ቃል አላቸው፤ ፈዐለ፣ ማለትም አደረገ። ፈ የሥሩ አንደኛ ፊደል፣ ዐ ሁለተኛው፣ ለ ሦስተኛው ነው። አድራጊው ፋዒል፣ የተደረገበት መፍዑል፣ ቦታው መፍዐል ይባላል። ከተበ፣ ማለትም ጻፈ የሚለውን እዚያ ውስጥ ስትከቱት ካቲብ ጸሐፊ ይሆናል፣ መክቱብ የተጻፈ ይሆናል፣ መክተብ ደግሞ የመጻፊያ ቦታ፣ በዛሬው አነጋገር ቢሮ ይሆናል። በፊደላችን ስንጽፈው ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለው። ከ አጭሩን፣ ካ ረጅሙን ድምፅ በትክክል ይለያሉ። ኡ እና ኢ ላይ ብቻ ነው አጭሩና ረጅሙ የሚደባለቁብን።

ለቤት ሥራ አንድ ወረቀት አዘጋጀሁ። ስምንት ሥሮች ወደ ታች፣ አራት ዓምዶች ወደ ጎን፤ አድራጊ፣ የተደረገበት፣ ቦታ፣ መሣሪያ። በጠቅላላው 32 ባዶ ሳጥን። ሥሮቹን ሁሉም የሚያውቃቸው እንዲሆኑ ብዬ ነው የመረጥኳቸው፤ ከተበ፣ ፈተሐ (ከፈተ)፣ ጀለሰ (ተቀመጠ)፣ ሰጀደ (ሰገደ)፣ ገሰለ (አጠበ)፣ ከነሰ (ጠረገ) እያለ ይቀጥላል። መመሪያው አንድ መስመር ነበር፤ «ሥሩን ቅርጹ ውስጥ አስገቡ»። የመልስ ወረቀቱን ማታውኑ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። መዝገበ ቃላት አልከፈትኩም። ቅርጹን አውቀዋለሁ፣ ምን ያስፈልጋል ብዬ።

ወረቀቶቹን አርሜ ስመልስ ጅዳ የኖረችው ተማሪዬ ገሰለ ላይ ሁለት ኤክስ አግኝታለች። የቦታው ዓምድ ላይ የእኔ መልስ «መግሰል» ነው፣ እሷ «መግሰላ» ብላለች። የመሣሪያው ዓምድ ላይ የእኔ «ሚግሰል» ነው፣ እሷ «ገሳላ» ብላ ሳ-ን አጥብቃ ለማሳየት ከላዩ ነጥብ አድርጋበታለች። ትምህርቱ አልቆ ሌላው ሲወጣ ወረቀቷን ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች።

«ኡስታዝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ የቀነሱብኝ አልገባኝም። ስምንት ዓመት ልብስ ያጠብኩበት ማሽን ገሳላ ነው የሚባለው። ሚግሰል የሚል ሰው አንድ ቀን አልሰማሁም።»

«መግሰላስ?» አልኳት።

«መግሰላ ሰፈራችን ያለው የልብስ ማጠቢያ ሱቅ ነው። በሩ ላይ ተጽፏል። እጅ የምንታጠብበት ሳህንም መግሰላ ነው። ሬሳ የሚታጠብበትም ቤት እንደዚያው ይባላል።»

እውነቷን ነበር። ሦስቱንም እኔም አውቃቸዋለሁ። አውቃቸው እያለ ነው ኤክስ ያደረግኩባት፤ ምክንያቱም ሳርም ሳየው የነበረው ቃሉን ሳይሆን የራሴን ሠንጠረዥ ነው።

ቤቴ ገብቼ የሃንስ ቬርን መዝገበ ቃላት አወረድኩ። እንደሚታወቀው እንዲህ ያለ መዝገበ ቃላት የሚፈለገው በሥር ነው፤ መግሰላን መ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፣ ገ-ሰ-ለ ሥር ነው የተቀመጠው። እዚያ ገጽ ላይ አንድ ሥር ያፈራቸውን ሁሉ በአንድ ቦታ ስታዩ የእኔ ሠንጠረዥ የጎደለው ነገር ወዲያው ይታያል። እዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንዳንዱ ሳጥን ሁለት ቃል አለው፣ አንዳንዱ ምንም የለውም፣ አንዳንዱ ደግሞ ያልጠበቅነው ቃል ተቀምጦበታል።

የባሰው ግን ሌላ ነው። «መግሰል» ያልኩት በራሴ ደንብ እንኳ ልክ አልነበረም። የቦታ ስም ቅርጹ ሁለት ነው፤ መፍዐል እና መፍዒል። የትኛው እንደሚመጣ የሚወስነው የአሁን ጊዜ ግሱ መካከለኛ ፊደል አናባቢ ነው። ከተበ የክቱቡ ስለሚል መክተብ። ፈተሐ የፍተሑ ስለሚል መፍተሕ። ኢ ከመጣ ግን ቦታውም ኢ ይይዛል፤ ጀለሰ የጅሊሱ፣ ስለዚህ መጅሊስ። ገሰለ ደግሞ የግሲሉ ነው። እንግዲያው በደንቡ መሆን የነበረበት መግሲል ነው። ወረቀቴ ላይ የአሁን ጊዜ ግሱን አልሰጠሁም፤ ኃላፊውን ብቻ ሰጥቼ «ሙሉ» አልኳቸው። ይሄ የሚሞላ መልመጃ አይደለም። ገሰለ ከሚለው ብቻ ተነስቶ አንድ ተማሪ በመግሰልና በመግሲል መካከል ሊመርጥ የሚችልበት ምንም መንገድ የለውም፣ ይገምታል እንጂ።

ሌላ ተማሪ ደግሞ ሰጀደ ላይ «መስጀድ» ብሎ ጽፎ እሱንም ኤክስ አድርጌበት ነበር። ደግሜ ሳየው አንጀቴን በላው። የስጁዱ ስለሚል በደንቡ መስጀድ ነው የሚሆነው! መስጂድ የሚለው ሁላችንም የምናውቀው ቃል ከደንቡ ያፈነገጠ ነው። መግሪብና መሽሪቅም (የፀሐይ መጥለቂያና መውጫ) እንደሱው ናቸው፤ በደንቡ መግረብና መሽረቅ መሆን ነበረባቸው፣ ቋንቋው ግን እንዲህ አላላቸውም። ልጁ የሠራው እኔ ያዘዝኩትን ነው። ነጥብ የቀነስኩበት ትእዛዜን ስላከበረ ነው።

የዓረብኛ ሰዋስው ሊቃውንት ለዚህ ሁለት ቃል አላቸው። ቂያሲ የሚሉት በደንብ የሚወጣውን ነው፤ ሥሩንና ግሱን ካወቃችሁ ሳትሰሙትም ልትሠሩት ትችላላችሁ። ሰማዒ የሚሉት ደግሞ ካልሰማችሁት የማታውቁትን ነው። ሦስት ፊደል ካለው ተራ ግስ ካቲብና መክቱብ ማውጣት ቂያሲ ነው፣ ብዙም አያሳስትም። ቦታው በአብዛኛው ቂያሲ ነው፣ ግን እንደ መስጂድ ያለ የሰማዒ እንግዳ ይገባበታል፤ መጨረሻው ላይ ያ «ኣ» ተጨምሮ መክተባና መግሰላ የሚሆነውም አስቀድሞ በደንብ የሚታወቅ አይደለም። መክተብ ቢሮ ነው፣ መክተባ ቤተ መጻሕፍት ወይም የመጻሕፍት መሸጫ ነው። ሁለቱም የመጻፍ ቦታ ናቸው ብሎ ቅርጹ ይነግራችኋል። የትኛው ሠራተኛ የሚቀመጥበት፣ የትኛው መጽሐፍ የሚደረደርበት እንደሆነ ግን አይነግራችሁም።

መሣሪያው ላይ ደግሞ የእኛ የአማርኛ ተናጋሪዎች ልዩ ችግር አለ። አማርኛ ቦታንና መሣሪያን በአንድ ቅርጽ ይጠራል። «ማጠቢያ» ስንል ሳህኑም፣ ቤቱም፣ ማሽኑም፣ ሳሙናውም ሊሆን ይችላል፤ ከአውዱ ነው የምንለየው። ዓረብኛ ግን ይለያቸዋል። ቦታው በመ ይጀምራል፣ መሣሪያው በጥንቱ ደንብ በሚ፤ ሚፍታሕ ቁልፍ፣ ሚክነሳ መጥረጊያ፣ ሚስዐድ አሳንሰር። ሦስቱን ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው ቅርጻቸው ራሱ ሦስት ነው፤ ሚፍዓል፣ ሚፍዐላ፣ ሚፍዐል። የትኛው ሥር የትኛውን እንደሚወስድ የሚታወቀው በመስማት ነው። እኔ ከሦስቱ አንዱን መርጬ ለስምንቱም ሥር አለበስኩት።

ገሳላ ደግሞ ከሦስቱም ውጭ ነው። ፈዓል የሚለው ቅርጽ፣ መካከለኛው ፊደል ሲጠብቅ፣ አንድን ነገር አብዝቶ ወይም ሙያ አድርጎ የሚሠራ ሰው ነው፤ ጠባኽ ወጥ ሠሪ፣ ከናስ መንገድ ጠራጊ። ማሽኖች ሲመጡ ይሄው ቅርጽ በሴት መልክ ለነሱ ተሰጠ፤ ገሳላ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ሰላጃ ማቀዝቀዣ። በ1932 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የካይሮው የዓረብኛ ቋንቋ አካዳሚም ፈዓላን ከመሣሪያ ስም ቅርጾች እንደ አንዱ ተቀብሎታል። ስለዚህ ተማሪዬ የጻፈችው የሰፈር ዓረብኛ አልነበረም፤ ደንበኛ ቃል ነው።

በሚቀጥለው ክፍል መጀመሪያ ያደረግኩት የሁለቱንም ነጥብ መመለስ ነው፣ ሁሉም እየሰማ። ከዚያ ወረቀቱን አዲስ አድርጌ ሠራሁት። ስምንቱን ሥር ወደ አራት አወረድኩ። ከያንዳንዱ ሥር ጎን ኃላፊውንና የአሁኑን አብሬ ጻፍኩ፤ ገሰለ፣ የግሲሉ። የአድራጊውንና የተደረገበትን ዓምድ ባዶ ተውኩ፣ እነሱን ራሳቸው ያውጡ። ቦታው ላይ በደንቡ የሚወጣውን በእርሳስ ይጽፋሉ፣ ከዚያ መዝገበ ቃላት ከፍተው ሥራ ላይ ያለውን በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። ሁለቱ ከተለያዩ ስህተት አይደለም፤ ሰማዒ ብለው ምልክት ያደርጋሉ። የመሣሪያውን ዓምድ ጨርሶ አውጥቼ ቃሉን እኔ ሰጥቼ ሥሩን እነሱ እንዲያወጡ አደረግኩ። ከሚክነሳ ከ-ነ-ሰን ማውጣት በእጃቸው ነው፤ ከከነሰ ተነስቶ ሚክነሳ ላይ መድረስ ግን ያልሰማን ሰው እንዲተነብይ መጠየቅ ነው።

ትርጉሙ ላይም አንድ ነገር ጨመርኩ። ከተበን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና በአማርኛ ከዚሁ ሥር የምታውቁትን ንገሩኝ አልኩ። ክታብ አሉ፣ ክትባት አሉ። አንገት ላይ የሚታሰረውና ጤና ጣቢያ የሚሰጠው፣ ከቢሮውና ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር አንድ ሥር ላይ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሥሩን አውቆ ትርጉሙን በእርግጠኝነት የሚናገር ተማሪ ቁጥር ቀነሰ፤ «ከመጻፍ ጋር የተያያዘ ነገር መሆን አለበት» ነው የሚሉት፣ ከዚያ መዝገበ ቃላቱን ይስባሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያቺው ተማሪዬ ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች። «ሱቅ ሲዘጋ በሩ ላይ ሙግለቅ ይላል። እኛ በተማርነው መግሉቅ ነው የሚሆነው። ይሄም ሰማዒ ነው?» ድሮ ቢሆን አዎ ብዬ እዘጋው ነበር። አሁን ግን መልሼ ጠየቅኳት፤ «ግሱን ስትናገሪው እንዴት ነው የምትይው?» አሰበችና «አግለቀ» አለች፣ ቀስ ብላ። እኛ ወጣ–አወጣ እንደምንለው ከፊቱ አ ያለበት ግስ ነው። እንዲህ ያለው ግስ የራሱ ቅርጽ አለው፤ አድራጊው ሙግሊቅ፣ የተደረገበት ሙግለቅ። ቂያሲ ነው፣ ምንም አላፈነገጠም። የተነሳንበት ግስ ነው የተለየው። ወረቀቷን ገልብጣ ከጀርባው ላይ አ-ገ-ለ-ቀ ብላ ጻፈች፣ አ-ን በክብ አከበበችና ከጎኑ ሌላ በአ የሚጀምር ግስ መፈለግ ጀመረች።