ቀጣዩ መቼ ነው?

ደንበኞቻችን በየወሩ የሚከፍሉን ላይ 20 ፐርሰንት ይጨመር ሲባል አለቃችን "በአንዴ ከጨመርን ይሄዳሉ፣ በትንሽ በትንሹ ከሆነ ግን አይሰማቸውም" አለ። ደንበኞቹን በዕጣ ለሁለት ከፈልናቸው፣ ግማሹ ላይ 20ው በአንዴ፣ ሌላው ላይ በየሦስት ወሩ 5፣ አራት ጊዜ። ስልክ የምናነሳው ያው እኛ ነን።

የመጀመሪያው ወር ላይ ልክ ነበር። በአንዴ የተጨመረባቸው መስመሩን አጨናነቁት፣ የሰረዘውም ብዙ ነው፣ የባለ 5ቶቹ ሰፈር ግን ጭጭ። አለቃችን ወዲያው ግራፉን ይዞ ስብሰባ ገባ፣ ተጨበጨበለት።

ሦስተኛው ማሳወቂያ ሲወጣ አንዲት ሴትዮ ደወሉ፣ ድምፃቸው እንኳን ከፍ አላለም።

"5 ፐርሰንት ብቻ ናት እናቴ" አልኳቸው።

"እሱንማ አይቻለሁ። ቀጣዩ መቼ ነው?"

ዝም። እንዳንናገር ተነግሮናላ።

"አራተኛ ከመጣ 20 እንዳይመስላችሁ፣ 100 የነበረው 121 ተኩል ይሆናል፣ በጭማሪው ላይ ነው የምትጨምሩት" አሉኝ። እኛ ቢሮ ይሄን ያሰላ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እኔን የገረመኝ ግን የሚሰርዙት ናቸው። አካውንታቸውን ስከፍት መጨረሻ የገቡበት ቀን ከስንት ወር በፊት ነው፣ ሰውየው አገልግሎቱን ከተወው ቆይቷል፣ ከካርዱ ግን በየወሩ ይቆረጣል፣ እሱም ረስቶታል፣ እና እኛው ራሳችን ማሳወቂያ ልከን እናስታውሰዋለን! በአንዴ ሲጨመር እንዲህ ያለው ሰው የሚነቃበት ዕድል አንድ ነው፣ በአራት ሲከፈል አራት፣ አንዱን ኢሜይል ሳያይ ቢያልፈው ሌላው ያገኘዋል። አገልግሎቱን የሚጠቀመውን ደግሞ 5ቷ አይደለችም የምታናድደው፣ ማቆሚያው አለመታወቁ ነው።

በአንዴ የተጨመረባቸው ጋ ግርግሩ ካለፈ በኋላ ስረዛው ወደ ድሮው ተመለሰ። ሒሳቡም ቢሆን ከ100 ሰው 16 ቢሄድብህ የቀሩት 84 በአዲሱ ዋጋ የድሮውን ገቢ ይሸፍናሉ፣ 17ኛው ሲወጣ ነው መጉደል የሚጀምረው፣ እኛ ደግሞ እዛ አልደረስንም። አራተኛው ጭማሪ አልፎ ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው በትንሽ በትንሹ የተጨመረባቸው ጋ የለቀቀው በልጧል፣ ያውም ወራቱን ሙሉ ከሌሎቹ ባነሰ ዋጋ ሲከፍሉ ቆይተው። ደንበኛው ሁሉ በየቀኑ የሚጠቀምበት ነገር ቢሆን ምናልባት ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር፣ የኛ ግን ግማሹ የተረሳ አካውንት ነው። ይሄኛውን ግራፍ ስብሰባ ላይ ያመጣው የለም።

አለቃችን ምን ተማረ? "ችግሩ ማሳወቂያው ነው፣ አጠር እናድርገው።"

ሴትዮዋ ግን አልለቀቁም። የዓመት ክፍያ ላይ በመሀል ጭማሪ እንደሌለ ሁለቴ ጠይቀው አረጋገጡና አራተኛው ሳይደርስባቸው የዓመቱን ጠቅልለው ከፈሉ፣ ቅናሹንም አስቆረጡ።